ባለ 10 ሚሊ መስታወት ስንት ኪሎ ነው? ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ለሚጓዝ ጭነት የተሠራ ስሌት

ጥያቄ፦ «ሰላም ባለሙያዎች። ደብረ ማርቆስ የአሉሚኒየምና የመስታወት ሥራ ጀምሬያለሁ። ለአንድ ሱቅ ፊት 2.40 በ1.80 የሆኑ አራት ባለ 10 ሚሊ መስታወቶችና 2.20 በ0.90 የሆኑ ሁለት ባለ 12 ሚሊ ቴምፐርድ በሮች አዲስ አበባ አዝዣለሁ። ሻጩ ‹ሁለት ጠንካራ ልጆች ያወርዱታል› ይለኛል። ክብደቱን ራሴ የማውቅበት መንገድ አለ? ስንት ሰው ልያዝ? አባይ በረሃን ሲሻገርስ እንዴት ይጫን?»

ምላሽ፦

ሁለት ሰው አይበቃም። ከአራቱ ትልልቅ መስታወቶች እያንዳንዱ 108 ኪሎ ይመዝናል። አንድ ሙሉ ኩንታል ጤፍ ላይ ስምንት ኪሎ ጨምረው ያስቡት። ኩንታሉ ግን ትከሻ ላይ ይቀመጣል፣ ቢከብድም መሬት ጥለውት ያርፋሉ። መስታወቱ ትከሻ ላይ አይወጣም፤ ካመለጠም መጀመሪያ የሚያገኘው የተሸካሚውን እጅና እግር ነው። ስለዚህ መኪናም ሰውም ከመያዝዎ በፊት ስሌቱ ይቅደም፤ አስቸጋሪም አይደለም።

ለመስኮትና ለበር የምንጠቀምበት ተራ መስታወት አንድ ሜትር ኩቡ 2,500 ኪሎ ይመዝናል። እፍግታው ይህ ነው። ቁጥሩን ለሥራ ወደሚመች መልክ ለማምጣት ዝናብን ያስቡ። የአየር ትንበያ ሰዎች «1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ጣለ» ሲሉ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውኃ ወረደ ማለታቸው ነው፤ 1 ሊትር ውኃ ደግሞ 1 ኪሎ ነው። መስታወት ከውኃ ሁለት እጥፍ ተኩል ይከብዳል። እንግዲህ 1 ካሬ ሜትር ስፋትና 1 ሚሊ ውፍረት ያለው መስታወት 2.5 ኪሎ ነው ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ማባዛት ብቻ ይቀራል፦

ርዝመት (በሜትር) × ወርድ (በሜትር) × ውፍረት (በሚሊ ሜትር) × 2.5 = ክብደት (በኪሎ)

በእርስዎ ትእዛዝ እንየው። 2.40 × 1.80 = 4.32 ካሬ ሜትር። 4.32 × 10 × 2.5 = 108 ኪሎ። አራቱ አንድ ላይ 432 ኪሎ ይሆናሉ። በሩ ደግሞ 2.20 × 0.90 = 1.98 ካሬ፤ 1.98 × 12 × 2.5 = 59.4 ኪሎ፤ ሁለቱ 118.8 ኪሎ ናቸው። የመስታወቱ ጠቅላላ ክብደት 550.8፣ ለሥራ 551 ኪሎ ብለን እንያዘው። ቴምፐርድ መሆኑ በክብደቱ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም። መስታወቱ በእሳት ሞቆ በአየር በፍጥነት ስለቀዘቀዘ ጥንካሬው ይለወጣል እንጂ እፍግታው ያው ነው። ለማጠፊያና ለእጀታ የተበሳውንም ቀዳዳ አይቀንሱ፤ አንድ ባለ 40 ሚሊ ቀዳዳ ከባለ 12 ሚሊ በር የሚያነሳው 40 ግራም እንኳ አይሞላም።

ስሌቱ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው መለኪያ መቀላቀል ነው። ርዝመቱንና ወርዱን በሜትር፣ ውፍረቱን ብቻ በሚሊ ያስገቡ፤ በሳንቲም የለኩ ከሆነ አስቀድመው ለ100 ያካፍሉ። ሁለተኛው የድርብ መስታወት ውፍረት ነው። ሁለት ባለ 5 ሚሊ መስታወቶች በመካከላቸው 12 ሚሊ የአየር ክፍተት ይዘው ሲመጡ ጠቅላላ ውፍረቱ 22 ሚሊ ነው። በ22 ካባዙ በካሬ 55 ኪሎ ይወጣልዎታል፤ እውነቱ ግን 25 ኪሎና የጠርዙ ፍሬም ነው። አየሩ አይመዝንም፤ የመስታወቱን ሚሊ ብቻ ይደምሩ። ላሚኔትድ ከሆነ በመካከል ያለው ፕላስቲክ ቀላል ነው፤ የተለመደው 0.76 ሚሊ ፕላስቲክ በካሬ 0.8 ኪሎ ገደማ ይጨምራል። የእርስዎ ትልቁ መስታወት በ5 እና 5 ሚሊ ላሚኔትድ ቢሆን ኖሮ 108 ሳይሆን ወደ 111.5 ኪሎ ይሆን ነበር። በነገራችን ላይ የሱቅ ፊት ሕዝብ የሚያልፍበት ስለሆነ አራቱም ላሚኔትድ ወይም ቴምፐርድ ቢሆኑ ይሻል ነበር። ተራ ባለ 10 ሚሊ ሲሰበር ረጃጅም ስለት ሆኖ ነው የሚወርደው። ትእዛዙ ገና ካልተቆረጠ ይህን ከደንበኛዎ ጋር ይነጋገሩበት።

ስሌቱ እውነት የሚሆነው ውፍረቱ እውነት ከሆነ ነው። ፋብሪካም ቢሆን ጥቂት ልዩነት ይፈቀድለታል። በአውሮፓ ደረጃ ባለ 10 ሚሊ መስታወት ከ9.7 እስከ 10.3 ሊሆን ይችላል፤ በእርስዎ መስታወት ላይ ከ105 እስከ 111 ኪሎ ማለት ነው። ይህ ጭነቱን አይለውጠውም። የሚያሳስበው ባለ 10 ተብሎ ባለ 8፣ ወይም ባለ 8 ተብሎ ባለ 10 ሲመጣ ነው። ካሊፐር ካለዎት ጠርዙን ይለኩ። ከሌለዎት ሻጩ ከዚያው መስታወት የተረፈ ቁራጭ 20 በ20 ሳንቲም አድርጎ እንዲቆርጥልዎ ይጠይቁና በማንኛውም የሱቅ ሚዛን ላይ ያስቀምጡት። 20 በ20 ሳንቲም 0.04 ካሬ ስለሆነ እያንዳንዱ ሚሊ ልክ 100 ግራም ይሰጣል። ባለ 10 ሚሊው 1 ኪሎ፣ ባለ 8 ሚሊው 800 ግራም፣ ባለ 5 ሚሊው 500 ግራም ይመዝናል። ሚዛኑ 920 ግራም ካሳየ የተሸጠልዎት ባለ 10 አይደለም።

አሁን ወደ ሰዎቹ እንሂድ። ሻጩ እንዳለው ሁለት ሰው ቢይዘው ለእያንዳንዱ 54 ኪሎ ይደርሰዋል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1967 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ምክረ ሐሳብ አንድ ጎልማሳ ወንድ ሠራተኛ እንዲሸከም የሚፈቀደው ጣሪያ 55 ኪሎ ነው። «እንግዲያው በልኩ ነው» እንዳይሉ፤ መስታወት ለመያዝ ከማያመቹ ሸክሞች አንዱ ነው። እጅ የሚያርፍበት ቦታ 10 ሚሊ ስፋት ያለው ስለታም ጠርዝ ነው፣ ወገብን ወደ ጎን ያጣምማል፣ ከፊትም ያለውን መሬት ይጋርዳል። አመቺ ለሆነ፣ በሁለት እጅ ለሚያዝና ወደ ሰውነት ለሚጠጋ ሸክም እንኳ የአሜሪካው የሙያ ደኅንነትና ጤና ተቋም የሚነሳበት ቁጥር 23 ኪሎ ነው። ስለዚህ ለመስታወት ክብደቱን ለ25 አካፍለው ወደ ላይ ማጠጋጋት ጥሩ ልማድ ነው። 108 ለ25 ሲካፈል 4.32 ነው፤ አምስት ሰው። በሩ 59.4 ለ25 ሲካፈል 2.4፤ ሦስት ሰው።

አራት ሰው ለምን አይበቃም የሚሉ ይኖራሉ፤ በእኩል ቢከፋፈሉት ለአንዱ 27 ኪሎ ነውና። ችግሩ ሸክሙ በእኩል አለመከፋፈሉ ነው። ደረጃ ወይም የሱቅ ደፍ ላይ ሲደርሱ ፊት ያሉት ሲያነሱ ኋላ ያሉት ላይ ይጫናል፤ አንዱ ድንጋይ ረግጦ ቢደናቀፍ የቀሩት ሦስቱ በቅጽበት 36 ኪሎ ይይዛሉ። አምስት ሆነው አንዱ ቢለቅ ግን ለአንዱ የሚደርሰው 27 ነው፤ ያ ይቻላል። አሰላለፋቸው ሁለት ፊት፣ ሁለት ኋላ ሆኖ አምስተኛው መካከል ላይ በመስታወቱ ሥር ያለፈ ሰፊ ቀበቶ ይይዛል። ከእነዚህ ሌላ ምንም የማይሸከም አንድ ሰው ያስፈልጋል። መንገዱን የሚያየው፣ «አንሱ» እና «አስቀምጡ» የሚለው እሱ ብቻ ነው። ከመነሳታቸው በፊት አንድ ነገር ይስማሙ፦ መስታወቱ መውደቅ ከጀመረ ማንም አይያዘውም፤ መሪው «ልቀቁ!» ሲል ሁሉም እጁን ነቅሎ ወደ ኋላ ይሸሻል። እግር አስገብቶ ወይም ክንድ ዘርግቶ ለማዳን መሞከር የእጅ ጅማት የሚያስቆርጥ ስህተት ነው። መስታወቱ በገንዘብ ይተካል።

ወፍራም የቆዳ ጓንት፣ ክንድን እስከ ክርን የሚሸፍን ነገርና የተዘጋ ጫማ ግዴታ ነው። ከመኪናው እስከ ሱቁ ከ10 ሜትር በላይ ከሆነ ወይም ደረጃ ካለ እግረኛ ሸክሙን ትተው ሁለት ጎማ ያለው ጋሪ ይከራዩ ወይም ከቱቦላሬ ያስበይዱ።

ሳክሽን የምንለው፣ ባለ እጀታው ተጣባቂ ጎማ ካለዎት ሥራውን ያቀልላል። ጎጃም ደጋ ላይ ግን አንድ ነገር ይወቁ። ሳክሽን መስታወቱን የሚይዘው በራሱ ጉልበት አይደለም፤ የውጭው አየር ከጀርባው ስለሚገፋው ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,450 ሜትር ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ በባሕር ዳርቻ ካለው 74 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ባሕር ዳር እንኳ ወደ 80 በመቶ ነው። እጀታው ላይ 60 ኪሎ ተብሎ ከተጻፈ ደብረ ማርቆስ ላይ 44 ኪሎ ብለው ይያዙት። ለ108 ኪሎው መስታወት ሦስት ሳክሽን ብትጠቀሙ 132 ኪሎ ይይዛል፣ የሚበቃም ይመስላል፤ አንዱ ቢላቀቅ ግን የቀሩት ሁለቱ የሚይዙት 88 ኪሎ ብቻ ነው፣ መስታወቱም ይወርዳል። አራት ሲሆኑ አንዱ ቢላቀቅም ሦስቱ 132 ኪሎ ይይዛሉ። ስለዚህ አራት ይሁኑ፤ አምስተኛው ሰው በቀበቶው ሥሩን ይያዝ። ጎማውም መስታወቱም መጠረግ አለባቸው። አቧራ አየር ያስገባል፤ ውኃ ያለበት መስታወት ላይ ደግሞ ሳክሽኑ ሳይላቀቅ ወደ ታች ይንሸራተታል፣ ይህም የክረምት አደጋ ነው።

ነፋስም የክብደቱ ተጨማሪ ነው። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ፣ ማለትም የዛፍ ቅርንጫፍ በደንብ የሚያወዛውዝ፣ 4.32 ካሬ ሜትር የሆነ መስታወት ሲያገኝ በ24 ኪሎ ያህል ኃይል ወደ ጎን ይገፋዋል። ተሸካሚዎቹ ወደ ላይ እንጂ ወደ ጎን ለመያዝ አልተዘጋጁም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከተነሳ ማውረዱን ለጠዋት ያቆዩት።

መስታወት በሸክምም በጭነትም ለምን መቆም እንዳለበት ልንገርዎ፤ ብዙ መስታወት የሚሰበረው ተጋድሞ ነውና። ባለ 10 ሚሊውን መስታወት እንደ ጣውላ አጋድመው በሁለቱ ጫፍ ቢይዙት የራሱ ክብደት መካከሉን ያጎብጠዋል። ሲሰላ የታችኛው ገጹ ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር 10.6 ኒውተን የመሳብ ኃይል ያርፋል። ተራ መስታወት ለረጅም ጊዜ ያለ ሥጋት እንዲሸከም የሚፈቀድለት ደግሞ 8 ያህል ነው። ገና ሳይነካ ከልኩ አልፏል ማለት ነው፤ መኪናው ጉድጓድ ሲገባ ደግሞ ኃይሉ በእጥፍ ያድጋል። ያንኑ መስታወት በረጅሙ ጎኑ ቢያቆሙት ክብደቱን የሚሸከመው 10 ሚሊ ውፍረቱ መሆኑ ይቀርና 1,800 ሚሊ ቁመቱ ይሆናል። ጫናው በ180 እጥፍ ይቀንሳል። ቀጭን መስታወት ቀላል ስለሆነ አጋድሞ መውሰድ ይቻላል የሚለው ሐሳብም የተገለበጠ ነው። ያው ስፋት ያለው ባለ 6 ሚሊ መስታወት 64.8 ኪሎ ብቻ ቢሆንም ተጋድሞ ሲያዝ የሚያርፍበት ጫና 17.6 ነው፤ ከባለ 10 ሚሊው ይበልጥ የሚሰበረው እሱ ነው። ክብደቱ የሚቀንሰው ከውፍረቱ ጋር በእኩል ሲሆን ጥንካሬው ግን በውፍረቱ ካሬ ስለሚቀንስ ነው።

ለመኪናው ባለ ሁለት ተዳፋት የብረት መደገፊያ ያስፈልጋል፤ ከቱቦላሬ ተበይዶ ከጎን ሲታይ የጎጆ ጣሪያ የሚመስል። መስታወቱ በሁለቱም ፊት 5 ዲግሪ ያህል ዘንበል ይላል። በ1.80 ቁመት ላይ ይህ ከላይ 16 ሳንቲም ወደ ውስጥ ማጋደል ነው። መስታወቱ የሚያርፍበት የታችኛው መደብ ከጀርባው ጋር ልክ 90 ዲግሪ ይሁን። ብዙ በያጆች ጀርባውን አዘንብለው መደቡን ጠፍጣፋ ይተዉታል። ያኔ 108 ኪሎው በሙሉ በጠርዙ አንድ መስመር ላይ ያርፋል፤ መንገድ ላይ ይሸረፋል፣ ሽራፊውም ስንጥቅ ሆኖ ወደ ላይ ይሄዳል። በመደቡ ላይ ሁለት ወፍራም የጎማ ቁራጮች፣ ከእያንዳንዱ ጫፍ 60 ሳንቲም ገባ ብለው ይቀመጡ፤ ይህ የርዝመቱ ሩብ ነው። ከጀርባም ጎማ ወይም ምንጣፍ ይለጠፍ። መስታወት ብረትን በየትም ቦታ መንካት የለበትም።

መደገፊያው ከመኪናው ርዝመት ጋር ትይዩ ይቁም፤ የመስታወቱ ጠርዝ ወደ ጋቢናው ይዙር እንጂ ገጹ አይዙር። በአንዱ ፊት ሁለት ትልልቅ መስታወቶችና አንድ በር፣ በሌላውም ፊት እንዲሁ ይጫን። በየፊቱ 275.4 ኪሎ ይሆናል፣ ሚዛኑም ይጠበቃል። ትልቁ ከኋላ ተደግፎ በሩ ከፊት ይሁን። በየመካከላቸው ወረቀት ወይም ስስ ስፖንጅ ይግባ። አሸዋ ወይም የመስታወት ፍንጣቂ ካለ ሁለቱ ገጾች እየተፋተጉ እስከ ደብረ ማርቆስ ይጫጫራሉ።

ቀበቶው ምን ያህል ይያዝ ለሚለው ክብደቱ መልስ ይሰጣል። ለጭነት ማሰር የሚሠራበት የአውሮፓ ደረጃ ፍሬን ሲያዝ የክብደቱን 80 በመቶ ወደ ፊት፣ ኩርባ ላይ ደግሞ 50 በመቶ ወደ ጎን መያዝ እንዲቻል ይጠይቃል። ለእርስዎ 551 ኪሎ ይህ ወደ ፊት 441፣ ወደ ጎን 275 ኪሎ ነው። ወደ ፊት የሚሄደውን ቀበቶ ብቻውን አይመኑ፤ መደገፊያው ፊት ላይ ጎማ የለበሰ ማቆሚያ ብረት ይበየድ፣ መደገፊያው ራሱ በብሎን ወይም በሰንሰለት ከመኪናው ወለል ጋር ይታሰር። ወደ ጎን ያለውን የ5 ዲግሪው ዘንበል ይይዘዋል ማለት አይቻልም። መንገዱ ራሱ ወደ ጎን 5 ዲግሪ ካጋደለ በአንዱ ፊት ያለው መስታወት ቀጥ ብሎ ቆመ ማለት ነው። 30 ሜትር ራዲየስ ያለው ኩርባ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲታጠፍ ደግሞ የክብደቱ 24 በመቶ፣ ወደ 130 ኪሎ የሚሆን ኃይል ወደ ውጭ ይገፋል። የአባይ በረሃ መንገድ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲህ ባሉ ኩርባዎች የተሞላ ነው። ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ይወጣል፤ መሬቱ ስለሚንሸራተትም አስፋልቱ በየቦታው ተሰምጧል።

ስለዚህ ጭነቱን ለመያዝ ሰው ከመስታወቱ ጎን አይቀመጥ። ልጆች ጭነት ላይ ወጥተው መስታወት «ደግፈው» ሲሄዱ ይታያል፤ 130 ኪሎ ኃይል የሚመልስ እጅ የለም፤ መስታወቱ ከወጣ የሚወጣው በእነሱ ላይ ነው።

ማሰሪያው ገመድ ሳይሆን በማጥበቂያ የሚወጠር ቀበቶ ይሁን፤ ለእያንዳንዱ ፊት ቢያንስ ሁለት። ቀበቶው መስታወቱን በቀጥታ አይንካ። በመስታወቱ ላይ ቆሞ የሚወጣ፣ ከመስታወቱ በኩል ጎማ የተለጠፈበት ሞራሌ ያድርጉና ቀበቶው ሞራሌውን ይጫን። ሞራሌው የሚቆምበት ቦታ ከኋላው የመደገፊያው ቋሚ ብረት ባለበት ልክ መሆን አለበት። በሁለት ቋሚዎች መካከል ባዶ ቦታ ላይ ካጠበቁት ቀበቶው መስታወቱን እንደ ቀስት ይገትረዋል፤ ሰው «ሳይነካ ፈነዳ» የሚለው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። የበሩ ወርድ 0.90 ብቻ ስለሆነ በሩ የማይደርስበትን የላይኛውን ክፍል ሞራሌው በክፍተት እንዳያልፈው 12 ሚሊ ውፍረት ያለው ጣውላ ሞልተው ያስተካክሉ። ጎሐ ጽዮን ላይ፣ ከመውረድ በፊት፣ ሹፌሩ ወርዶ ቀበቶውን ይፈትሽ፤ ደጀን ሲወጣም ይድገም። ስፖንጁና ጎማው በንዝረት ስለሚጠቀጠቁ ቀበቶው ይላላል። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ መውረድ የፍሬን ድንገተኛ ጉልበትን ይቀንሳል።

የመኪናው አቅም ከሊብሬው ይነበብ። 551 ኪሎ መስታወት፣ ከ120 እስከ 150 ኪሎ የሚሆን መደገፊያ፣ ሞራሌና ቀበቶ ሲደመር 700 ኪሎ ገደማ ነው። ክብደቱን ፒክአፕም ሊችለው ይችላል፤ 2.40 ርዝመት ያለው መስታወት ግን ከብዙ ፒክአፕ ሳጥን ያልፋል፣ ከፍታውም መኪናውን በኩርባ ላይ ያወዛውዘዋል። እኔ የምመርጠው አይሱዙ ነው፤ ወለሉ ሰፊ ስለሆነ መደገፊያው በአራት ማዕዘኑ ይታሰራል። ክረምት ከሆነ በሸራ ይሸፈን፤ ሸራው ግን ከጎን አየር ያስገባ። በመስታወቶቹ መካከል የገባ ውኃ ቀናት ካደረ ገጹን ነጭ አድርጎ ይበላዋል፣ ያ እድፍ በማጠብ አይለቅም። ወረቀቱ ከረጠበ እንደ ደረሰ ነጣጥለው ያድርቁት።

ደብረ ማርቆስ ሲደርስ መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ ይቁም። ተዳፋት መንገድ ዳር ከቆመ አንዱ ፊት ቀጥ ይልና ቀበቶው እንደተፈታ መስታወቱ ወደ ሰዎቹ ይመጣል። ቀበቶውን በአንድ ጊዜ ሁሉንም አይፍቱ፤ የሚወርድበትን ፊት ብቻ ይፍቱ፣ ቀበቶው ሲላላ ሁለት ሰው ከፊት ሳይሆን ከሁለቱ ጎን ሆነው መስታወቱን ወደ መደገፊያው ይጫኑት። ማውረዱ በፈረቃ ይሁን፦ መጀመሪያ የግራው በር፣ ከዚያ የቀኙ በር፣ ከዚያ ከግራ አንድ ትልቅ፣ ከቀኝ አንድ ትልቅ፣ እንዲሁ እስኪያልቅ። አንዱን ፊት በሙሉ አውርደው ከጨረሱ ሌላው ፊት ላይ 275 ኪሎ ብቻውን ይቀራል። መደገፊያው ከመኪናው ጋር ካልታሰረና መደቡ ከእግሮቹ ወጣ ብሎ ከሆነ ከነመስታወቱ ይገለበጣል። ከሱቁ ውስጥም ግድግዳ ላይ ሲያስደግፉት ሥሩ በሁለት ሞራሌ ላይ ይረፍ። ሥሩ ከግድግዳው ወደ 16 ሳንቲም ይራቅ፣ ወለሉ ሴራሚክ ከሆነ ሥሩ እንዳይሸራተት ከሞራሌው ፊት ማገጃ ይደረግ፤ ፍሬሙ እስኪደርስ ማንም በፊቱ እንዳያልፍም ይከለል።